ከቅናሽ በፊት የነበረው ዋጋ ስንት ነበር? ወደኋላ ማስላት ምንድን ነው?

አንድ ጫማ ላይ «የ30 በመቶ ቅናሽ! 1,680 ብር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የድሮው ዋጋ ግን አልተጻፈም። ስንት ነበር?

ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ የ1,680ን 30 በመቶ ያሰላል። 504 ብር ይመጣል። እሱን መልሶ ይደምርና «2,184 ነበር» ይላል። መልሱ ግን ልክ አይደለም። ማጣራት ከፈለጋችሁ ከ2,184 ላይ 30 በመቶ ቀንሱ። የሚቀረው 1,528 ብር ከ80 ሳንቲም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ 1,680።

ምን ተፈጠረ? ነጋዴው 30 በመቶውን የቀነሰው ከድሮው፣ ማለትም ከትልቁ ዋጋ ላይ ነው። እኛ ግን 30 በመቶውን ያሰላነው ከትንሹ ዋጋ ላይ ነው። የትንሽ ቁጥር 30 በመቶ ትንሽ ነው። ስለዚህ የተቀነሰውን ያህል አልመለስንም።

ነገሩን በሳንቲም ብናየው ይቀላል። 30 በመቶ ተቀነሰ ማለት ከድሮው ዋጋ እያንዳንዱ ብር ላይ 30 ሳንቲም ተነስቶ 70 ሳንቲም ቀርቷል ማለት ነው። እንግዲህ 1,680 የድሮው ዋጋ 70 በመቶ ነው። ለ7 ስናካፍለው 10 በመቶው 240 ብር ይሆናል። በ10 ስናባዛው ሙሉው ዋጋ 2,400 ብር። አሁን ከ2,400 ላይ 30 በመቶውን፣ ማለትም 720 ብር ቀንሱ። 1,680 ይቀራል። ገጠመ! ወደኋላ ማስላት ማለት ይኸው ነው፤ ከቀረው ዋጋ ተነስቶ የድሮውን ማግኘት።

በካልኩሌተር ከሆነ አንድ መስመር ይበቃል፦

```
1680 ÷ 0.70 = 2400
```

ቅናሹ 15 በመቶ ከሆነ ለ0.85፣ 40 በመቶ ከሆነ ለ0.60 ታካፍላላችሁ። የምታካፍሉት በቀረው እንጂ በተቀነሰው አይደለም። ብዙ ስልኮች ላይ «1680 + 30%» ብትነኩ ያው የተሳሳተው 2,184 ነው የሚመጣው፤ በ% ቁልፏ አትሸወዱ።

«20 በመቶ ቅናሽ፣ ካሽ ለሚከፍል ተጨማሪ 10 በመቶ» ሲባልስ? ደምሮ 30 ማድረግ አይሠራም። ሁለተኛው ቅናሽ የሚሰላው አንዴ ከቀነሰው ዋጋ ላይ ነው። 0.80ን በ0.90 ስናባዛ 0.72 ይሆናል። 1,440 ብር ከከፈላችሁ ለ0.72 ስታካፍሉ የድሮው ዋጋ 2,000 ብር ነበር።

ቫት ላይም ተመሳሳይ ስህተት አለ፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ያለ ቫት 1,000 ብር ነው፤ ለ1.15 ታካፍላላችሁ። ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የሚቀንስ ሰው 977 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል።

ስሌቱ የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። 2,400 ነጋዴው «ነበር» የሚለው ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው ይኑር አይኑር ቁጥሩ አያውቅም። እኔ እንዲህ ካሰላሁ በኋላ ጎረቤቱ ሱቅ ገብቼ ያንኑ ጫማ ያለ ቅናሽ ስንት እንደሚሸጡት እጠይቃለሁ።