የማታው ረሃብ የሚጀምረው ጠዋት ነው

«ቀን ቀን ዳይቴን በደንብ እይዛለሁ። ቁርስ አልበላም፣ ምሳም ትንሽ ናት። ማታ ግን ኦቾሎኒውንም ዳቦውንም ሳልጨርስ አልተኛም። ምን ዓይነት ሆዳም ነኝ?»

ሆዳም አይደለሽም። ይህን ቃል የሚናገረው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ቀኑን ሳይበላ የዋለ። በሥነ ምግብ ምክር ሥራዬ እንደዚህ የሰለቸኝ አባባል የለም።

«ቀን ያልበላሁት ተቀነሰልኝ» የሚለው ነው ዋናው ስህተት። አንዲት ቢሮ የምትሠራ ደንበኛዬን የምትበላውን ሁሉ ሦስት ቀን አስጻፍኳት። ጠዋት ሻይ በሁለት ማንኪያ ስኳር። ምሳ ግማሽ እንጀራ በቀጭን ሽሮ። ከሰዓት አንድ ማኪያቶ። እስከ 12 ሰዓት ድረስ 500 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። እሷም በዚህ ትኮራለች።

ከዚያ 1 ሰዓት ላይ ቤት ትገባለች። ወጡ እስኪሞቅ ምድጃው አጠገብ ቆማ የእንጀራ ጠርዝ እየቆረሰች ትጎርሳለች። ይህን አልጻፈችውም ነበር፣ ጠይቄ ነው ያወጣሁት። እራት አንድ ሙሉ እንጀራ፣ 4 ሰዓት ላይ ሁለት እፍኝ ኦቾሎኒ፣ መጨረሻ ላይ ዳቦ በማር። ስንደምረው የማታው ብቻ 1,500 ሆነ። በጠቅላላው 2,000፣ ይህም ክብደቷን ባለበት የሚያቆየው መጠን ነው። ቀኑን ሙሉ ሆዷ ሲሞረሙራት ውላ ምንም አልቀነሰችም።

«ጠዋት እኮ አይርበኝም» ትላላችሁ። አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ሰዎችን ከተለመደው የቀንና የሌሊት ዑደት አውጥተው ረሃባቸውን ለኩ። የበሉበት ሰዓት ቢለዋወጥም የሰውነታቸው ሰዓት ራሱ ረሃቡን ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ዝቅ፣ ከማታው 2 ሰዓት አካባቢ ከፍ ያደርገው ነበር። እንግዲህ ጠዋት አለመራብ «ምግብ አያስፈልግህም» ማለት አይደለም። ማታ በተፈጥሮ በሚበረታው ረሃብ ላይ የቀኑን ባዶ ሆድ ስትጨምሩበት ራስን መግዛት የሚባለው ነገር አይችለውም።

ለዚህች ሴት ያደረግነው ቀላል ነው። በቀን 1,600 ካሎሪ ያዝን። ቁርስ ሁለት እንቁላል ከዳቦ ጋር፣ 350። ምሳ ያው ግማሽ እንጀራ፣ ግን ወፈር ባለ ምስር ወጥና በጎመን፣ 450። 10 ሰዓት ላይ አንድ ስኒ የሽምብራ ንፍሮ፣ 200። ይህቺ ንፍሮ ናት ምድጃው አጠገብ መቆሙን ያስቀረችው፣ ምክንያቱም ቤት ስትገባ ጠኔ አይዛትም። እራት 450፣ ተቀምጣ፣ በሳህን። ቀሪዋን 150 ሆን ብለን ለ3 ሰዓት አስቀመጥናት፦ አንድ ብርጭቆ ወተት። ማታ ምንም አይበላም ብዬ ብከለክላት ኖሮ በሦስተኛው ቀን ኦቾሎኒው ላይ ትመለስ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። 4 ሰዓት ሲሆን እጇ ወደ ጣሳው ይሄዳል። ያ ግን ረሃብ ሳይሆን ልማድ ነው። መለያው ይኸውላችሁ፦ ምስር በእንጀራ ቢቀርብላችሁ ትበላላችሁ? አዎ ካላችሁ ርቧችኋል፣ ብሉ። ጣፋጭ ወይም ኦቾሎኒ ብቻ ካሰኛችሁ ደክሟችኋል ወይም ሰልችቷችኋል።

«ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ስቆይስ?» ይቻላል። መጾሙ ችግር የለውም፣ ችግሩ 9 ሰዓት ላይ በሻይና በብስኩት መፈታቱ ነው። የመጀመሪያው ምግብ ትልቁ ይሁን፣ ጥራጥሬም አይጉደልበት። ዘይት ግን ለኩ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አላት።

«ከማታ 12 ሰዓት በኋላ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል።» ሆድ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት የለም፤ የሚወስነው በዋናነት የቀኑ ድምር ነው። ቃር ያለበት ሰው ግን በልቶ ወዲያው አይተኛ።

«ቆሎ እኮ ዳይት ነው።» አንድ እፍኝ ወደ 120 ካሎሪ ነው። ቴሌቪዥን ፊት በጎድጓዳ ሳህን ስትቀርብ ስንት እፍኝ እንደሆነች የቆጠረ ሰው አላየሁም።

«ሲርብህ ውሃ ጠጣ።» ሩብ ሰዓት ያስታግሳል፣ ከዚያ ሌሊት ሽንት ያስነሳል።

አንድ ነገር ግን በምግብ አደላደል አይፈታም። እንቅልፍ ወስዷችሁ በየሌሊቱ እየነቃችሁ ካልበላችሁ መተኛት ካቃታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ረሃቡ ከላብና ከመንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ስኳራችሁን ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ዳይቱን ተዉት፣ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ውሰዱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፣ መድኃኒቱንም ሐኪሙ እንዲያየው በማግስቱ ሂዱ።