አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ምንድን ነው? የታሰረው ሰው ያለበት ካልታወቀስ?

ሰው ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሲይዙት ያየ አለ። ቤተሰቡ ከጣቢያ ጣቢያ ይንከራተታል፤ በየደረሰበት የሚሰማው «እኛ ጋ የለም» የሚል ብቻ ነው።

አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እንዲህ ላለው ቀን የተዘጋጀ ነው። በላቲን ስሙ ሄቢየስ ኮርፐስ ይባላል። ፍርድ ቤቱ፣ ሰው ያሰረውን ወገን «ሰውየውን አቅርብ፤ በምን ሕግ እንደያዝከውም አስረዳ» ብሎ እንዲያዝ የሚጠየቅበት አቤቱታ ነው። ሰውየው ወንጀል ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው እዚህ አይታይም። የሚታየው እስሩ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑ ብቻ ነው።

የታሰረው ሰው ራሱ መፈረም ካልቻለ ዘመዱ ወይም ጠበቃው ያመለክትለታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው አስገድዶ መሰወርን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 17 ላይ ዘመዶችን በስም ጠቅሶ ይህን መብት ይሰጣል። የስምምነቱ አባል የሆነ አገር ሊያከብረው ግዴታ አለበት።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው በአቤቱታው ቅጽ ላይ «የታሰረበት ቦታ» እና «ያሰረው አካል» የሚሉት ክፍት ቦታዎች ላይ ነው። ያንን ቢያውቁማ ኖሮ ፍለጋ ምን አስወጣቸው?

ይህ ጥያቄ በሆንዱራስ ላይ አንድ ትልቅ ፍርድ አስከትሏል። ማንፍሬዶ ቬላስኬዝ የሚባል ተማሪ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1981 ዋና ከተማዋ ቴጉሲጋልፓ ውስጥ ተያዘ። ቤተሰቡ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ፤ ምንም አልተገኘም። ጉዳዩ ወደ አሜሪካ አህጉራት የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዲህ አለ፦ ሰው በምስጢር ሲያዝ ቤተሰቡ ያለው ወሬ ብቻ ነው። «የታሰረበትን ቦታና ያሰረውን ባለሥልጣን ንገሩኝ» የሚል ሥርዓት እንዲህ ያለውን ሰው ሊያገኘው አይችልም። መንግሥት ተጠያቂ ተባለ። ማንፍሬዶ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ ቦታው ሳይታወቅ ምን ይጻፋል? አንዲት እህት አለች እንበል። ወንድሟ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተያዘ። ያየችው ጎረቤት «ሁለት መኪና ነበር፤ ከያዙት ሰዎች አንደኛው የደንብ ልብስ ለብሷል» ትላለች። እህትየው ሦስት መሥሪያ ቤቶች ሄዳ ጠይቃለች። «ወንድሜ ጠፍቷል» ብላ ብቻ ከጻፈች ፍርድ ቤቱ የጠፋ ሰው ፍለጋ የፖሊስ ሥራ ነው ብሎ ሊመልሳት ይችላል። ስለዚህ መያዙን ማሳየት አለባት። ጎረቤቷ ያየችውን ብቻ፣ ግምት ሳትጨምር፣ በቃለ መሐላ ትሰጣለች። እህትየው የት እንደሄደች፣ በስንት ሰዓት ማን ምን እንደመለሰላት በዝርዝር ትጽፋለች። ሊይዙት የሚችሉትን መሥሪያ ቤቶች በሙሉ፣ ከበላይ ኃላፊዎቻቸው ጋር፣ ተጠሪ ታደርጋለች። የማታውቀውን «አላውቅም» ብላ ትጽፋለች። መገመት አደገኛ ነው፤ ቦታው የተሳሳተ ከሆነ መዝገቡ በዚያው ሊዘጋባት ይችላል።

ከዚያ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፦ «እኛ ዘንድ የለም።» ብዙ መዝገብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። «የለም» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። «ከመጀመሪያውም አልያዝነውም» ወይም «ይዘነው ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ጋ ነው»። እህትየው ፍርድ ቤቱ እነዚህን እንዲለይላት አስቀድማ በአቤቱታዋ መጠየቅ ትችላለች። ኃላፊው መልሱን በመሐላ በጽሑፍ ይስጥ። ያን ማታ ይዛችሁት ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ከተዛወረ ማን ተረከበው? ከተለቀቀ መቼ፣ ማን ሲያየው? የእስረኞች መዝገብ ይቅረብ። በአካባቢው የካሜራ ምስል ካለ ሳይጠፋ ይጠበቅ። ጎረቤቷም ቀርባ ትሰማ። ፍርድ ቤቱ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያዝ በአገሩ ሕግና በዳኛው ድፍረት ይወሰናል።

ያሰረው አካል አይኑን በጨው አጥቦ ከዋሸ ወረቀት ብቻውን በር አይከፍትም። ሰውየው ሲገኝም ወዲያው ይፈታል ማለት አይደለም። ሕጋዊ የእስር ትእዛዝ ከቀረበ አቤቱታው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ግን ያለበትን አወቀ፤ ጠበቃም ሊልክለት ይችላል።

ውድቅ ቢሆንም የውሳኔው ግልባጭና የኃላፊው መልስ ከእህትየው እጅ መውጣት የለባቸውም። ነገ ተፈትቶ የወጣ አንድ እስረኛ «አብረን ነበርን» ቢላት አዲስ ማስረጃ አገኘች ማለት ነው፤ በብዙ አገር እንደገና ማመልከት ትችላለች። ያኔ «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ በመሐላ የፈረመው ኃላፊ ስለ ፊርማው ሊጠየቅ ይችላል።