ባትሪዎችን በተከታታይ እና በትይዩ ማገናኘት፦ ድምሩ የሚሸፍነው ልዩነት

አንድ ባትሪ ብቻውን ለማይበቃው ሥራ ባትሪዎች በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። በተከታታይ፣ ባለሙያዎች እንደሚሉት በሲሪየስ፣ ሲገናኙ የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር ይታሰራል፤ ቮልቴጃቸው ይደመራል፣ አቅማቸው ግን የአንዱን ያህል ሆኖ ይቀራል። በትይዩ ወይም በፓራለል ሲገናኙ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይታሰርና ቮልቴጁ ሳይለወጥ አቅሙ ይደመራል። እያንዳንዳቸው 12 ቮልት እና 100 አምፔር-ሰዓት የሆኑ አራት ባትሪዎችን እናስብ። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስረን ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ ብናገናኝ 24 ቮልት እና 200 አምፔር-ሰዓት እናገኛለን። ይህ 4800 ዋት-ሰዓት ነው፤ አራቱ በየትኛውም መንገድ ቢታሰሩ የተጠራቀመው ጉልበት ያው ነው።

እስከዚህ ያለው ቀላል ሒሳብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቻርጀሩም ሆነ ኢንቨርተሩ የሚያዩት ድምሩን ብቻ በመሆኑ ነው። ለ24 ቮልት የተሠራ የሊድ አሲድ ቻርጀር በመጨረሻው የቻርጅ ደረጃ ላይ ወደ 28.8 ቮልት ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ባትሪ 14.4 ቮልት ይደርሰዋል ብሎ ነው። ከጥንዱ አንዱ ቀድሞ ከሞላ ግን የእሱ ቮልቴጅ ወደ 15.2 ሲወጣ የሌላው በ13.6 ላይ ይቀራል። ድምሩ አሁንም 28.8 ነው፤ ቻርጀሩም ምንም እንከን አያይም። የመጀመሪያው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃውን ወደ ጋዝ ይለውጣል፣ ይሞቃል፤ የታሸገ ባትሪ ከሆነ የጠፋውን ውሃ መመለሻ የለውም። ሁለተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ሳይሞላ እየቀረ ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርበታል።

ባትሪዎቹ ሲራገፉ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኢንቨርተሩ በ22 ቮልት እንዲያቋርጥ ቢስተካከል ለእያንዳንዱ 11 ቮልት ይተርፋል ተብሎ ይታሰባል። ደካማው 10.2 ላይ ወርዶ ብርቱው 11.8 ላይ ቢሆን ግን ኢንቨርተሩ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሥራውን አያቆምም። 10.5 ቮልት የ12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ባዶ የሚባልበት ወለል ስለሆነ ደካማው በየዙሩ ከወለሉ በታች እየተጎተተ ይበልጥ ይዳከማል ማለት ነው። ስለዚህ የባትሪ ስብስብ ጤንነት የሚታወቀው በየባትሪው ተርሚናል ላይ ቴስተር ተይዞ ሲለካ እንጂ በሁለቱ ዋና ገመዶች ላይ ባለው ንባብ አይደለም።

ከመታሰራቸው በፊት

አራቱ ባትሪዎች በዓይነት፣ በአቅም፣ በአምራች እና በዕድሜ አንድ መሆን አለባቸው። የምርት ቀናቸውም ቢቀራረብ ይመረጣል። አዲስና አሮጌ በተከታታይ ሲታሰሩ አሮጌው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ያልቃል፤ ከላይ የተገለጸው ጉዳት ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ባትሪ ለብቻው በ12 ቮልት ቻርጀር እስኪሞላ ድረስ ይሞላና ከቻርጀሩ ተለይቶ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ያርፋል። ካረፈ በኋላ የሚነበበው ቮልቴጅ ከ12.7 እስከ 12.9 አካባቢ መሆን ይኖርበታል። ከአራቱ አንዱ 12.4 ላይ ከቆመ ችግሩን ማወቂያው ጊዜ አሁን ነው፤ ከታሰረ በኋላ ድምሩ ይሸፍነዋል።

ይህ ደረጃ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ በችኮላ ነው፤ የአደጋው መጠን ግን በቀላሉ ይሰላል። የአንድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የታሸገ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ 5 ሚሊ ኦም አካባቢ ነው። አንዱ 12.8፣ ሌላው 12.0 ቮልት እያለ በአጭርና ወፍራም ገመድ በትይዩ ቢገናኙ የ0.8 ቮልት ልዩነት በ10 ሚሊ ኦም ላይ ይወድቃል። ውጤቱ በመጀመሪያው ቅጽበት 80 አምፔር የሚደርስ ፍሰት ነው፤ ማንም ያልለካው፣ ምንም ቻርጀር ያልወሰነው። ሁሉም ሞልተው ቮልቴጃቸው በ0.05 ቮልት ውስጥ ሲቀራረብ ግን በትይዩ ታስረው ማደር ይችላሉ፤ የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ራሳቸው ያስተካክላሉ።

የመጨረሻው ማያያዣ

ሥራው ሲጀመር ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃል፣ የመፍቻው እጀታ በመከላከያ ቴፕ ይጠቀለላል። ባትሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተከታታይ ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ሲለካ 25.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ የሁለቱ ጥንዶች ኔጌቲቮች ይገናኛሉ። ፖዘቲቮቹን የሚያገናኘው የመጨረሻ ገመድ ግን ከመታሰሩ በፊት ቴስተሩ በሁለቱ ፖዘቲቮች መካከል ይደረጋል፤ ይህችን ልኬት ማንም ሰው ሊዘልላት አይገባም።

ንባቡ ዜሮ ወይም ጥቂት መቶኛ ቮልት ከሆነ ገመዱ ይታሰራል። 25.6 ካሳየ ከአንዱ ጥንድ ውስጥ አንድ ባትሪ ተገልብጦ የጥንዱ ድምር ዜሮ ሆኗል። 51.2 ካሳየ ደግሞ አንዱ ጥንድ በሙሉ ተገልብጧል፤ ገመዱ ቢነካ ሁለቱ ጥንዶች በሺህ በሚቆጠር አምፔር አንዱ በሌላው ውስጥ ይፈሳሉ፣ ተርሚናል ያቀልጣል፣ ባትሪም ሊፈነዳ ይችላል። ስህተቱ በቴስተር ሲገኝ ግን ገመዱን ፈትቶ በትክክል ከማሰር በቀር የሚያስከፍለው ነገር የለም።

እያንዳንዱ ጥንድ በፖዘቲቭ ጫፉ አጠገብ የራሱ ፊውዝ ያስፈልገዋል። በዋናው ገመድ ላይ ያለው አንድ ፊውዝ ጥንዶቹን እርስ በርሳቸው አይጠብቅም። በአንደኛው ጥንድ ውስጥ አንድ ሴል ሾርት ቢያደርግ ጤነኛው ጥንድ ጉልበቱን ሁሉ ወደዚያ ያፈሳል፤ ይህ ፍሰት በዋናው ፊውዝ በኩል አያልፍም። ፊውዙ ለቀጥተኛ ፍሰት የተሠራ መሆን አለበት፤ ለቤት መስመር የተሠራ መቁረጫ አይተካውም። ተለዋዋጭ ፍሰት በየዙሩ ዜሮን ስለሚያልፍ ብልጭታው በራሱ ይጠፋል፤ ቀጥተኛ ፍሰት ግን ዜሮን ስለማያልፍ ብልጭታው እየነደደ ሊቀጥል ይችላል።

ገመዱ ከየት ይወጣል?

አራት ባትሪዎች ሁሉም በትይዩ ተደርድረው፣ ሁለቱም ዋና ገመዶች ከመጀመሪያው ባትሪ ቢወጡ ሥራው እኩል አይከፋፈልም። እንደ ቅድሙ የእያንዳንዱን ባትሪ ሬዚስታንስ 5 ሚሊ ኦም፣ የእያንዳንዱን አገናኝ ገመድ ከነማሰሪያው 0.5 ሚሊ ኦም እንበል። 100 አምፔር ሲጠየቅ ለገመዱ የቀረበው ባትሪ 38.5 አምፔር ሲሰጥ ሁለተኛው 26.2፣ ሦስተኛው 19.2፣ የመጨረሻው 16 አምፔር ብቻ ይሰጣል። ፖዘቲቩ ከመጀመሪያው፣ ኔጌቲቩ ከመጨረሻው ባትሪ ቢወጣ ግን ጫፎቹ 27.3፣ መካከለኞቹ 22.7 አምፔር ይሰጣሉ። ምንም አልተገዛም፤ አንድ ገመድ ብቻ ቦታ ቀየረ። በሁለት ባትሪዎች ወይም በሁለት ጥንዶች ከሆነ ይህ ሰያፍ አወጣጥ ፍጹም እኩልነት ይሰጣል። ሆኖም ይህ የሚሠራው አገናኝ ገመዶቹ በርዝመትም በውፍረትም አንድ ሲሆኑ ነው። አንድ የላላ ብሎን ብቻ ጥቂት ሚሊ ኦም ጨምሮ ስሌቱን ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል፤ በጭነት ጊዜ ከሌሎቹ ለይቶ የሚሞቅ ማሰሪያ ምልክቱ ነው።

ልዩነቱ ሲመለስ

በጥንቃቄ የታሰሩ ባትሪዎችም ከጊዜ ጋር ይለያያሉ። አንዱ ከሌላው ፈጥኖ በራሱ ይራገፋል፣ መሐል ላይ ያለው ይበልጥ ይሞቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ሠራሽ ነው፤ ከ24 ቮልት ስብስብ ውስጥ ከአንድ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ። 2 አምፔር የሚፈልግ መብራት በቀን ለ5 ሰዓት ቢበራ ያ ባትሪ በየቀኑ ከጥንዱ 10 አምፔር-ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በተከታታይ የሚያልፈው የቻርጅ ፍሰት ለሁለቱም እኩል ስለሆነ ይህን ዕዳ ለይቶ አይከፍለውም። ለ12 ቮልት ዕቃ ከሙሉው 24 ቮልት ላይ የሚቀንስ መለወጫ መጠቀም ይገባል።

ለዚህ ባላንሰር የሚባል መሣሪያ አለ። በጥንዱ መካከለኛ ነጥብ ላይ ታስሮ ከፍ ካለው ባትሪ ፍሰት እየቀነሰ ሁለቱን ያቀራርባል። ብዙዎቹ የሚያስተላልፉት 1 አምፔር አካባቢ ስለሆነ የ20 አምፔር-ሰዓት ልዩነት ለማጥበብ 20 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። እንግዲህ ባላንሰር ልዩነት እንዳይፈጠር ይጠብቃል እንጂ የቆየ ልዩነትን ወይም የደከመ ባትሪን አያድንም። ልዩነቱ ከሰፋ ጥንዱን ፈትቶ ወደ ኋላ የቀረውን ለብቻው መሙላት ይሻላል። ውሃ የሚጨመርባቸው ሊድ አሲድ ባትሪዎች ሌላም መንገድ አላቸው፤ አምራቹ በሚፈቅደው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ለጥቂት ሰዓታት ሲሞሉ፣ የሞሉት ሴሎች ትርፉን ፍሰት ወደ ጋዝ እየለወጡ የዘገዩት ይደርሳሉ። ጋዙ ሃይድሮጅን ስለሆነ ክፍሉ አየር የሚገባበት፣ እሳት የሌለበት መሆን አለበት። የታሸጉት ይህን አይችሉም።

የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪም አይችልም። የሞላ የሊቲየም ሴል ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ ስለሌለው በውስጡ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰርኪት መስመሩን ይቆርጣል። በተከታታይ ከታሰሩት አንዱ ሲቆርጥ ሙሉው ስብስብ ይጠፋል፤ የስብስቡ ቮልቴጅም በዚያች ሰርኪት ላይ ያርፋል፤ አምራቾች በተከታታይ የሚታሰረውን ቁጥር የሚገድቡት ለዚህ ነው። ሰርኪቱ የሚያመጣጥነው የራሱን ሴሎች ብቻ ነው፤ ስለ ጎረቤት ባትሪ የሚያውቀው ነገር የለም። በተጨማሪም የሊቲየም ቮልቴጅ በመካከለኛው የቻርጅ ክልል ጠፍጣፋ ስለሆነ ተመሳሳይ ንባብ የሚያሳዩ ሁለት ባትሪዎች በቻርጅ መጠን በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ ማመጣጠኑ ሁልጊዜ የሚሠራው ሁለቱም ሞልተው ቮልቴጁ ሽቅብ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ነው።

የሊድ አሲዱ ስብስብ በወር አንድ ጊዜ በቻርጅ ማብቂያ ላይ ባትሪ በባትሪ ሊለካ ይገባል። በአንድ ጥንድ ውስጥ ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት በላይ ሆኖ በየወሩ ከሰፋ፣ ለብቻው ተሞልቶም ከተመለሰ፣ ባትሪው ደክሟል። ያን ጊዜ ጥንዱ በሙሉ ከስብስቡ ይወጣል። ሁለተኛው ጥንድ በ24 ቮልት እና በ100 አምፔር-ሰዓት ሥራውን ይቀጥላል፤ ጭነቱና የቻርጀሩ ፍሰት ግን በግማሽ መቀነስ አለባቸው።