«ቀበሌው ፈቅዷል» እና ሌሎችም፦ በደም ግፊት ጥናት ቅጽ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

«የቀበሌው ሊቀመንበር ፈቅዷል፤ ስምምነት አለን ማለት ነው።»

የላችሁም። ሊቀመንበሩ የፈቀደላችሁ ቀበሌው ውስጥ እንድትገቡ ነው። የሰው ክንድ ላይ ካፍ፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን ጨርቅ፣ የማሰር ፈቃድ ከባለ ክንዱ ብቻ ነው የሚመጣው። አባወራም ለሚስቱ አይፈርምም።

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ሲታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሴፍቲኔት ነው። «ምዝገባ መጣ» ይባላል፤ ከዚያ እንቢ የሚል የለም፤ ሁሉም እሺ ይላል፣ ግን እሺ ያለው ለሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የስምምነቱ ጽሑፍ ላይ «ይህ የርዳታ ምዝገባ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ከሌለ እኔ ቅጹን አላምነውም። በቀረው እንዲህ ቢነበብ ይበቃል፦

«ጥቂት ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ፤ ከዚያ ክንድዎ ላይ ጨርቅ አስሬ ግፊትዎን ሦስት ጊዜ እለካለሁ። ለጥቂት ሰከንድ ጠበቅ ያደርግዎታል፣ ወዲያው ይላላል። አልፈልግም ማለት ይችላሉ፤ ጥያቄ መዝለልም፣ መሃል ላይ ማቆምም ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ጤና ጣቢያ የሚጎድልብዎት ነገር የለም። ስምዎ መጠይቁ ላይ አይጻፍም፣ በቁጥር ነው የሚቀመጠው። መድኃኒት አልሰጥም፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ግን እነግርዎታለሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ወረቀት እጽፍልዎታለሁ። ይስማማሉ?»

ይህ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ካጸደቀው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሜዳ ላይ «ነጻ ምርመራ ነው እማማ፣ ይጠቅምዎታል» እያሉ ማሳመር አይቻልም። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ከቡድኑ ያልሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ይቀመጣል፤ ሲነበብ ይሰማል፣ ተሳታፊው ራሱ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣ ምስክሩ ይፈርማል። መረጃ ሰብሳቢው ራሱ ምስክር ሆኖ የፈረመበት ቅጽ አይቻለሁ። ያ ምንም አይደለም።

«ቡና እየተጠጣ ቢለካስ? ጊዜ ይቆጥባል።»

ጊዜ ይቆጥባል፣ ቁጥሩን ግን ያበላሻል። ካፌይን፣ ጫት፣ ሲጋራ እና ከባድ እንቅስቃሴ ካለ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቤት ገብቶ ጀበና ያላገኘ ማን አለ? «አፈር ስሆን አንድ ስኒ» ተብሎ እንቢ ማለትም ያስቀይማል። መፍትሔው የቅጹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ቡናው እየተቆላ ከደረሳችሁ ከአቦሉ በፊት ለኩ። ተጠጥቶ ከሆነ መጠይቁን ሙሉ፣ ግማሽ ሰዓቱ ይለፍ፣ ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ከዚያ ይለካ። ስቴፕስ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የጥናት መመሪያ እንዲያውም 15 ደቂቃ እረፍት ነው የሚለው። ቅጹ ላይም «ባለፉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ጫት ወይም ሲጋራ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ሽንት ቤት መሄድ ከፈለጉም መጀመሪያ ይሂዱ፤ የሞላ ፊኛም ቁጥሩን ያነሳዋል።

«ወንበር ከሌለ በርጩማም ይሆናል።»

በርጩማ ጀርባ አይደግፍም። ብዙ ቤት ግን ግድግዳ የተጠጋ መደብ አለ፤ እሱ ይሻላል። ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ ሁለቱም እግር መሬት ላይ፣ እግር ሳይነባበር። ዋናው ክንዱ ነው። የካፉ መሃል ከልብ ጋር እኩል መሆን አለበት። ክንድ ተንጠልጥሎ ወይም ጭን ላይ አርፎ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ቁጥሩ በ8 ያህል ይጨምራል፤ ይህ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፣ መሣሪያው ውድ ስለሆነ አይቀርም። ከክንዱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ብታስገቡ ይስተካከላል።

ጋቢ ካልን አይቀር፣ ደሴ ብርድ ነው ተብሎ በሹራብ ላይ ካፍ አይታሰርም። እጅጌን ሽቅብ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅም ያው ነው። ልብሱ ይወልቅ። ካፉም በሜትር ተለክቶ ይመረጣል፦ የክንድ ዙሪያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው መካከለኛው፣ ከዚያ በላይ ትልቁ፣ ከ22 በታች ትንሹ። (የገዛችሁት መሣሪያ የራሱ ልክ ካፉ ላይ ታትሞበታል፣ እሱን ተከተሉ።) ለወፍራም ክንድ ትንሽ ካፍ ከታሰረ ግፊት የሌለበትን ሰው ባለ ግፊት ያደርገዋል። የካፉ መጠን ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ ሁሉም ላይ «መካከለኛ» ካያችሁ ሜትሩ ከቦርሳ አልወጣም ማለት ነው።

«ሦስት ጊዜ ለክቼ ለሦስት ባካፍል ምን አለበት?»

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከገበያ የተመለሱ አንዲት እትዬ እንውሰድ። የመጀመሪያው 152/94፣ ሁለተኛው 140/88፣ ሦስተኛው 134/86 ሆነ። በመካከላቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ እረፍት አለ።

በመጀመሪያው ብቻ ብንሄድ የግፊት ድንበር ከሆነው 140/90 በላይ ናቸው። ሦስቱን ደምረን ለሦስት ብናካፍል የላይኛው 142 ይመጣል፣ አሁንም በላይ። የስቴፕስ መመሪያ ግን የመጀመሪያውን ይተወዋል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው አማካይ 137/87 ነው። ከድንበሩ በታች! እትዬ ያው እትዬ ናቸው፣ ስሌቱ ነው የተለየው። የመጀመሪያው ልኬት ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው እንግዳ ሰው፣ እንግዳ መሣሪያ፣ «ምን ሊሉኝ ነው» የሚል ፍርሃት ስላለ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ቁጥር ለየብቻው ይጻፍ፣ አማካዩን ኮምፒውተሩ ያስላው። ሜዳ ላይ የተሰላ አማካይ ብቻ ከመጣ ስህተቱን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

«138ን 140 ብል ያው ነው።»

ያው አይደለም፣ 140 እኮ ድንበሩ ነው። ደግሞ ይታወቅባችኋል። በዲጂታል መሣሪያ ሲለካ የመጨረሻው አሃዝ ከ0 እስከ 9 በእኩል ይበተናል፤ 0 ከአስሩ አንዱን ያህል ነው የሚይዘው። አንድ ጊዜ የአንዱን መረጃ ሰብሳቢ ቅጾች ሳገላብጥ ከግማሽ በላይ በ0 ያልቃሉ፦ 120/80፣ 130/80፣ 120/70። ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መሣሪያው ባትሪ ጨርሶ ነበር» አለኝ። ታዲያ በምን ለካ? ቤቶቹን ደግመን ዞርን። አሁን በየማታው ሃያ ቅጽ አውጥቼ የመጨረሻውን አሃዝ እቆጥራለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«140/90 ካለፈ ‹ግፊት አለብዎት› ብዬ ልነግራቸው ይገባል።»

ጥናት ሰው ይቆጥራል፤ አንድን ሰው በሽተኛ ለማለት ግን በሌላ ቀን ተመልሶ መለካት አለበት። «ዛሬ ከፍ ብሎ አግኝቼዋለሁ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ያስደግሙ» ማለት ይበቃል። በተቃራኒው 128/80 የመጣ ሰው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የግፊት መድኃኒት ወስዶ ከሆነ በጥናቱ ባለ ግፊት ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ይህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ከሌለ መድኃኒታቸውን በደንብ የሚወስዱት ሁሉ ጤነኛ ተብለው ይቀራሉ። መድኃኒቱን አምጥተው ያሳዩ፤ ስሙን ከማሸጊያው ላይ ገልብጡ።

180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅጹን ለመጨረስ አትቸኩሉ። ደረት ውጋት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ፣ የአንድ ጎን መዛል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ካለ መጠይቁ ይቁም፣ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፣ ቤተሰብም ይጠራ። ባይኖርም ሦስቱን ቁጥር የጻፋችሁበት የሪፈር ወረቀት በእጃቸው ይቅር፤ ግልባጩን ከቅጹ ጋር ስቴፕል አድርጉት።