ከመጨረሻው ክፍያ በፊት የሚደረግ የቤት ፍተሻ

አለቀ የተባለ ቤት ከመረከቡ በፊት ባለቤቱና ተቋራጩ አብረው ክፍል በክፍል እየዞሩ የቀረውንና የተበላሸውን ሥራ ይመዘግባሉ። መዝገቡ የጉድለት ዝርዝር ይባላል፤ መሐንዲሶች «ፐንች ሊስት» ይሉታል። በኢትዮጵያ በርካታ የግንባታ ውሎች ርክክቡን ጊዜያዊና የመጨረሻ ብለው ይከፍሉታል፤ በመካከሉ ላለው የጉድለት ማረሚያ ጊዜም ከክፍያው ላይ መያዣ ገንዘብ ይቀራል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በጊዜያዊው ርክክብ ነው፤ ቀሪው ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ተቋራጩን መልሶ ማምጣት ከባድ ነው።

ፍተሻው ከመታጠቢያ ቤት ቢጀመር ይሻላል። የቀለም ጉድለት ሁልጊዜ ይታያል፤ ከሴራሚክ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ግን ተሸፍኗል፤ ጉድለቱ ሲታወቅም ሴራሚኩን ማፍረስ ሊያስፈልግ ይችላል። ለሙከራው የወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ይደፈናል፤ የበሩ ሥር ይገደባል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሞላል። የውሃው ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት 24 ሰዓት ይቆያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው አስቀድሞ መሞላት አለበት።

ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንውሰድ። በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ወርዷል፤ የታችኛው ክፍል ጣሪያ ግን ደረቅ ነው። ይህ ብቻውን ወለሉ ያሰርጋል አያሰኝም፤ ድፍኑ ራሱ ሊያፈስ ስለሚችል አጥብቆ ደፍኖ መድገም ያስፈልጋል። ጣሪያው በቧንቧው ዙሪያ ብቻ ከረጠበ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቧንቧው ስላቡን የሚያልፍበት ቦታ ነው። እርጥበቱ ሰፍቶ ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ ውሃ መከላከያው ይዞራል።

ድፍኑ ሲነሳ ውሃው በራሱ ወደ መውረጃው መሄድ አለበት። ወለሉ በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ ጥሩ ነው፤ በሩ ከመውረጃው ሁለት ሜትር ቢርቅ ልዩነቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከሽንት ቤት መቀመጫው ጀርባ የሚቆም ኩሬም ይመዝገብ።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ባለቤቶች ይሸነፋሉ። «ሽንት ቤቱ ያፈሳል» ከተባለ ሲሊኮን ቀብቶ መሄድ ይቻላል። «የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ፣ በፍሳሽ ቧንቧው ዙሪያ ያሰርጋል፤ ቧንቧው ስላቡን የሚያልፍበት ተከፍቶ ይታሸግ፤ የ24 ሰዓቱ ሙከራ ይደገም» ከተባለ ግን ሥራው መቼ እንዳለቀ ያከራክራል ማለት ዘበት ነው። ቀን፣ ፎቶና የሁለቱም ፊርማ ይታከልበት።

ሌላው ፈጣን ነው፦ ሴራሚኩን በሳንቲም እያንኳኩ ባዶ ድምፅ ማዳመጥ፣ በሮችን መክፈትና መዝጋት፣ ሶኬቶችን መሞከር። ዓምድና ብሎኬት በሚገናኙበት ልስን ላይ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ የተለመደ ነው፤ በዓምድ ወይም በቢም ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ከታየ ግን በጂፕሰም ሳይሸፈን መሐንዲስ ይየው።