በሹካ ቧንቧ ውስጥ የተጣበቀ የብስክሌት ስቴም ምንድን ነው? እንዴትስ ይወጣል?

ስቴም የብስክሌትን መሪ ከፊት ሹካው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። በአዳዲስ ብስክሌቶች ላይ ስቴሙ የሹካውን ቧንቧ ከውጭ አቅፎ ይታሰራል፤ በቆዩት ብስክሌቶችና ዛሬም በርካሽ ዋጋ በሚሸጡ ብዙ የከተማ ብስክሌቶች ላይ ግን ረጅም እግር ኖሮት በቧንቧው ውስጥ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ አልወጣም የሚለው በአብዛኛው እርሱ ነውና።

የስቴሙ እግር በተለመደው መለኪያ 22.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። በውስጡ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ብሎን ያልፋል፤ በብሎኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ሽብልቅ ታስሯል። ብሎኑ ሲጠብቅ ሽብልቁን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሽብልቁም በስቴሙ ሰያፍ ጫፍ ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ስለሚወጣ ሁለቱም የቧንቧውን ግድግዳ በተቃራኒ አቅጣጫ ገፍተው ይይዛሉ። ስለዚህ ብሎኑን ማላላት ብቻውን ስቴሙን አይፈታውም፤ ሽብልቁ ከተቀረቀረበት ቦታ መውረድ አለበት።

አንድ ስቴም ተጣበቀ ሲባል ከሁለት ነገሮች አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ ወይ ሽብልቁ አልወረደም፣ ወይ የስቴሙ እግር ራሱ ከቧንቧው ጋር በዝገት ተያይዟል። ሁለቱን ሳይለዩ መሪውን በጉልበት መጠምዘዝ የጎማውን ቸርኬ ወይም የሹካውን እግሮች ከማጣመም በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም።

መለያው ቀላል ነው። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ ጭንቅላቱ ከስቴሙ በላይ አምስት ሚሊሜትር ያህል እስኪነሳ ድረስ ያላሉት። ጭንቅላቱ ላይ ቁራጭ እንጨት አስቀምጠው በመዶሻ አንድ ጠንካራ ምት ይምቱት። ጭንቅላቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሽብልቁ ወርዷል፤ የፊት ጎማውን ይዘው መሪውን ሲያወዛውዙትም አብዛኛውን ጊዜ ስቴሙ ይፈታል። ጭንቅላቱ ካልወረደ ምቱን ይድገሙት። ብሎኑን አስቀድመው ሙሉ በሙሉ አውጥተውት ከሆነም መልሰው በርካታ ጥርስ ያህል ካስገቡት በኋላ ይምቱ፤ በጥቂት ጥርስ ብቻ የተያዘ ብሎን ሲመታ ጥርሱ ይበላሻል። ብሎኑ ወርዶም ስቴሙ ቅንጣት ካልተነቃነቀ ግን ጉዳዩ ዝገት ነው፤ ከዚህ በኋላ ብሎኑን መደብደብ ትርጉም የለውም።

ዝገቱ የሚከፋው ስቴሙ አልሙኒየም፣ ቧንቧው ደግሞ ብረት ሲሆን ነው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ አልሙኒየሙ ይበላል፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት መሰል ነገርም ከተበላው አልሙኒየም የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ እየተጠቀጠቀ ስቴሙን አንቆ ይይዘዋል። ስቴሙ ሹካው ከሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ስብስብ፣ ማለትም ከሄድሴቱ፣ የላይኛው ዳዶ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያ ነጭ ብናኝ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። መውጫ የሚያጣው ስቴሙ ብቻም አይደለም፤ የሄድሴቱ ዳዶ በስቴሙ ላይ አልፎ መውጣት ስለማይችል ኩሽኔታውን አውጥቶ ግሪስ መቀባትም ሆነ ሹካውን መንቀል አይቻልም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሳትን ነው፤ እዚህ ላይ ግን እሳት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ከውስጥ ያለው አልሙኒየም፣ ከውጭ ያለው ብረት በመሆኑም ሙቀቱ ይበልጥ ያጠብቀዋል። የሚረዳው ቅዝቃዜ ነው። የሁለቱም ሙቀት በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀንስ በ22.2 ሚሊሜትር ውፍረት ላይ የሚፈጠረው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ጥቂት ይበልጣል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የደረቀውን ዝገት ሰንጥቆ ዘይት ለማስገባት ሊበቃ ይችላል። ተራ በረዶ የሚሰጠው ከዚህ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ስለሚችል ብቻውን ተአምር አይጠበቅበትም።

ዋናው መድኃኒት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይትና ትዕግሥት ነው። ዘይቱን ከላይ በዳዶው ዙሪያ መርጨት የሁሉም ልማድ ነው፤ የተሻለው መንገድ ግን ከታች ነው። የፊት ጎማውን ያውጡ፤ ብስክሌቱን ይገልብጡና ከሹካው ትከሻ ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል ዘይቱን ወደ ቧንቧው ውስጥ ያፍስሱ። ዘይቱ ወርዶ የስቴሙ እግር ጫፍ ላይ ይጠራቀምና በክፍተቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። እንዲህ አድርገው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ቀና አድርገው ከላይም ይጨምሩና ስቴሙን ከጎን ከጎኑ በመዶሻ ቀለል አድርገው ይምቱት።

ለመጠምዘዝ ጊዜ ሲደርስ መያዝ ያለበት የሹካው ትከሻ እንጂ ጎማው አይደለም። ትከሻውን በሁለት እንጨቶች መካከል አድርገው በሞርሳ ያስሩና መሪውን እንደ ማንሻ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሞክሩ። አጭር የመሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማ በኋላ መሪው በጥቂቱ ከዞረ ነገሩ አልቋል፤ ከዚያ ዘይት እየጨመሩና እያመላለሱ ማውጣት ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፉ መሄድ የተፈጨውን ዝገት መልሶ ይጠቀጥቀዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የብረት ሹካና የአልሙኒየም ስቴም ያለው ብስክሌት በረንዳ ላይ ክረምት ከበጋ ቆሞ ከርሟል እንበል። ብሎኑ በመጀመሪያው ምት ወረደ፤ ስቴሙ ግን አልተንቀሳቀሰም። ዘይት ለቀናት ከላይም ከታችም ተደረገለት፤ በሞርሳ ታስሮ ሲሞከርም መሪው በራሱ ማሰሪያ ውስጥ ተንሸራተተ እንጂ ስቴሙ ከነበረበት አልተነሳም። እዚህ ላይ መወሰን ያስፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት መሥዋዕት መሆን ያለበት ስቴሙ ነው፤ ሹካን ከመለወጥ ስቴም መለወጥ ይቀላልና። ስለዚህ ብሎኑ ይወጣል፤ ስቴሙ ከዳዶው በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ተትቶ በሴጌቶ ይቆረጣል። መታጠፊያው ስለተወገደ ዳዶው በቀሪው ጉቶ ላይ አልፎ ይወጣል፤ ሹካውም ከነጉቶው ይነቀላል። ሥራው ከዚህ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይህም ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

የሴጌቶ ምላጭ አንድ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጉቶው ቀዳዳ ውስጥ ይገባና የአልሙኒየሙ ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ በተቃራኒው ጎን ሌላ ስንጥቅ መጨመርም ይጠቅማል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ማብቂያው ነው። የብረቱ ቧንቧ ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ የሚያርፍ ጥልቅ ጭረት ሹካውን ያዳክመዋል። የሚወርደው ብናኝ ነጭና ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ምላጩ በአልሙኒየም ውስጥ ነው፤ ጠቆር ያለ ብናኝ ከታየ ወይም ምላጩ ድንገት የጠነከረ ነገር ከነካ ማቆም ይገባል። ከዚያም የተሰነጠቀው ጠርዝ በፒንሳ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጉቶው ይጠብና ይላቀቃል።

አንዳንዶች ቀሪውን አልሙኒየም በኮስቲክ ሶዳ ያሟሙታል። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ሲበላ ብረትን ስለሚተው ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ቀለም ይልጣል፣ ተቀጣጣይ የሆነ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል፤ ሹካው ራሱ አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ እርሱንም ይበላዋል። ሴጌቶ እያለ እኔ አልመርጠውም።

አዲሱ ስቴም ከመግባቱ በፊት የቧንቧው ውስጥ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ሽብልቁ ይገፋበት የነበረው ቦታ ወደ ውጭ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ እንዳልሆነም ይታያል፤ እንዲህ የሆነ ሹካ መልሶ አይገጠምም። ጤነኛ ከሆነ የስቴሙ እግር፣ ሽብልቁና የብሎኑ ጥርስ ሁሉ ግሪስ ይቀባሉ፤ ስቴሙም በእግሩ ላይ የተቀረጸው የመግቢያ ልክ ምልክት እስኪሸፈን ድረስ ይገባል፤ በየዓመቱ አንድ ጊዜም ወጥቶ ግሪሱ ይታደስለታል።