የቀሩትን ብቻ የሚቆጥር ሠንጠረዥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የወጣ ደንበኛ ወጥቷል። የምናሰላው ያለውን ነው።»

የዛሬውን ሽያጭ ለማወቅ ያስኬዳል። አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ስንት ብር እናውጣ ለሚለው ግን አያገለግልም። ነገ የሚመጣው ይቆይ አይቆይ አናውቅማ!

ሐዋሳ ውስጥ ለካፌዎችና ለቢሮዎች ባለ 20 ሊትር ውሃ የሚያከፋፍል ድርጅት አለ እንበል። ደንበኛ ሲያቋርጥ ስሙ ከኤክሴሉ ይሰረዛል። መስከረም ላይ 100 ደንበኞች ጀመሩ፤ እያንዳንዱ በወር 2,000 ብር ትርፍ ያስገኛል። ዓመቱ ሲያልቅ 40ዎቹ አሉ። 60ዎቹ በአማካይ 3 ወር ቆይተው አቋርጠዋል።

ፋይሉ የሚያየው 40ዎቹን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ደንበኛ 12 ወር ይቆያል፣ 24,000 ብር ያስገኛል ይላል። የወጡትን እንመልሳቸው። የ40ዎቹ 480 ወር፣ የ60ዎቹ 180 ወር፣ በድምሩ 660 ወር ነው። ለ100 ሲካፈል 6.6 ወር፣ ማለትም 13,200 ብር ይሆናል። ባለቤቱ በመጀመሪያው ቁጥር ተማምኖ በኮሚሽንና በነፃ በሚሰጥ ዲስፔንሰር ለአንድ ደንበኛ 18,000 ብር ቢያወጣ፣ በዓመቱ 6,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በእያንዳንዱ ደንበኛ ላይ ገና 4,800 ብር አልተመለሰለትም። ካሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ሁሉም ሰላም ነው ይለዋል።

«እሺ፣ የወጡትን ከጨመርን በቃ፣ አማካዩ ልክ ነው።»

ለመጀመሪያው ዓመት፣ አዎ። 40ዎቹ ግን ገና ውሃ እየወሰዱ ነው፤ 12 ወር እስካሁን የቆዩት እንጂ መጨረሻቸው አይደለም። ሰኔ ላይ የገቡት ደግሞ ሲደባለቁበት አማካዩ ያለ አግባብ ይወርዳል። የሚሻለው ደንበኞችን በጀመሩበት ወር መመደብና በየወሩ ሁለት ነገር መቁጠር ነው፦ ወሩ ሲጀምር ስንት ነበሩ? ከነሱ ስንቱ አቋረጡ? በመጀመሪያው ወር ከ100 ውስጥ 25 ከወጡ፣ የዚያ ወር የማቋረጥ መጠን 25 በመቶ ነው። አዲስ የገባ ደንበኛ በቆየባቸው ወራት ብቻ ይቆጠራል።

«ከቀሩት 40 ውስጥ 30ዎቹ ካፌዎች ናቸው። ካፌ ታማኝ ነው፣ እሱ ላይ እናተኩር።»

ከወጡት 60 ውስጥስ? 45ቱ ካፌ ቢሆኑ፣ ከ75 ካፌ 30 ቀሩ ማለት ነው፤ 40 በመቶ። ከ25 ቢሮ ደግሞ 10 ቀሩ፤ ያም 40 በመቶ። ካፌ የበዛው ከመጀመሪያውም ብዙ ስለነበረ ነው።

«ስማቸው ከተሰረዘ በኋላ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሾፌሩ የማድረሻ መዝገብ፣ የባንክና የቴሌብር ዝርዝር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ይሰጣሉ። ፋይላችሁን ለመፈተሽ፣ መስከረም ላይ የጀመሩትን ደንበኞች ብዛት ጥር ላይም ሰኔ ላይም ቁጠሩ። ባለፈ ወር የጀመሩት ቁጥር ሊቀንስ አይችልም፤ ከቀነሰ የሆነ ሰው እየሰረዘ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ረድፉን ከመሰረዝ «ያቋረጠበት ቀን» የሚል ዓምድ ጨምሩ።